እንቁላሉ ውሃውን እንዳይተፋ

እንቁላል ፍርፍር ሳህን ላይ ካወጣችሁ በኋላ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና ሳህኑን ዘንበል አድርጉት። ከሥሩ ቢጫ ያለ ቀጭን ውሃ ከወረደ እንቁላሉ ከሚገባው በላይ በስሏል ማለት ነው። ብዙ ሰው ዘይት ይመስለዋል። ትንሽ ዘይት ይኖርበት ይሆናል፣ አብዛኛው ግን የእንቁላሉ የራሱ ውሃ ነው። ያ ውሃ እንቁላሉ ውስጥ መቅረት ነበረበት። እሱ ሲወጣ ነው ፍርፍሩ ደርቆ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው።

ይሄን እንድጽፍ ያደረገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ቅዳሜ ጠዋት፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ገና ሳትከር፣ ከሳቢያን ወደ እኔ ቤት መጣች። በመንገዷ ቀፊራ ገበያ ጎራ ብላ ኖሮ የሀበሻ እንቁላል ይዛለች። መብራት ስላልነበረ ከሰል አቀጣጥያለሁ። «አንተ ሻዩን ተመልከት፣ እንቁላሉን ለእኔ ተወው» አለችኝ።

ዘይቱን መጥበሻው ላይ አደረገችና እስኪጨስ ጠበቀች። አራት እንቁላል መትታ ገለበጠችበት። ጭስስስ! ቤቱ ሁሉ ድምፁን ሰማው። እንቁላሉ ጫፍ ጫፉ ላይ ተነፍቶ ቡናማ መሆን ጀመረ፣ እሷም ቶሎ ቶሎ ፈረፈረችው፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አወረደችው። ቁጭ ብለን ልንበላ ስንል ሳህኑ ዳር ላይ ያ ውሃ ወጥቷል። ቀመሰችውና ገፋ አደረገችው።

«እኔ ስሠራው ሁሌ ለምንድነው የሚደርቀው? አንድ ደቂቃ እንኳ እሳት ላይ አልቆየም እኮ!»

ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልሱም እዚያው ውስጥ አለ። እሷ የምትቆጥበው ደቂቃውን ነው። እንቁላል ግን የሚሰማው ስንት ደቂቃ እንደቆየ ሳይሆን ምን ያህል እንደጋለ ነው። በኃይለኛ እሳት ላይ ሰላሳ ሰከንድ ያደርቀዋል፣ በደካማ እሳት ላይ ስድስት ደቂቃ ቆይቶም ለስላሳ ሆኖ ይወጣል።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ላስረዳችሁ። እንቁላል ከቅርፊቱ ውጪ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። ውሃው ውስጥ ፕሮቲኖች ይዋኛሉ። እያንዳንዱን ፕሮቲን እናቶቻችን እንደሚፈትሉት ጥጥ ልቃቂት አድርጋችሁ አስቡት፤ ረጅም ክር ነው፣ ግን ተጠቅልሎ ድቡልቡል ሆኗል። ልቃቂቶቹ ተጠቅልለው እስካሉ ድረስ አንዱ ከሌላው ጋር አይያያዝም፣ ስለዚህ ጥሬ እንቁላል ይፈስሳል። ሙቀት ሲነካቸው መፈታት ይጀምራሉ። የተፈቱት ክሮች እርስ በርስ ይጠላለፉና መረብ ይሠራሉ፣ ውሃው በመረቡ ቀዳዳዎች ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ለስላሳ እንቁላል የምንለው ይሄ ነው፤ ላላ ያለ መረብ፣ ውስጡ ውሃ የሞላ።

ሙቀቱ ሲቀጥል ክሮቹ መያያዛቸውን አያቆሙም። እየተሳሳቡ፣ እየጠበቁ ይሄዳሉ፣ መረቡ ይኮማተራል፣ እንደሚጨመቅ እርጥብ ነጠላ ውሃውን ይተፋዋል። አንዴ ከተፋው ደግሞ ተመልሶ አይጠጣም። ወተት ብትጨምሩ፣ ቅቤ ብታፈሱበት፣ የደረቀው ደርቋል።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ፣ ብዙ አይደለም። የእንቁላሉ ነጭ 62 ዲግሪ አካባቢ መርጋት ይጀምራል። አስኳሉ 65 ላይ ይወፍርና 70 ሲደርስ ይረጋል። ተመትተው አንድ ላይ ሲሆኑ 70ን አለፍ ሲል ደህና ይይዛሉ። በነጩ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ከግማሽ በላይ የሚሆነው አንድ ዓይነት ግን 80 ዲግሪ አካባቢ ነው ጠንከር ብሎ የሚይዘው፤ እዚያ ስትደርሱ ላስቲኩ መጣ ማለት ነው። እንግዲህ በለስላሳውና በደረቁ መካከል ያለው ርቀት አሥር ዲግሪ እንኳ አይሞላም። የሚጨስ ዘይት ደግሞ 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። በእንደዚህ ዓይነት መጥበሻ ላይ ያንን ጠባብ ቦታ በዓይን አይታችሁ «አሁን በቃ» ልትሉ አትችሉም። እጃችሁ የቱንም ያህል ቢፈጥን እንቁላሉ ይቀድማችኋል።

ስለዚህ ቀስታ የሚያስፈልገው ጊዜ ለማግኘት ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከእትዬ እንቁላል ስድስት ተርፎ ነበር፣ አራቱን ወስጄ ፊቷ ሠራሁት። የሀበሻ እንቁላል ትንንሽ ነው፣ አራቱ ከሱቅ የምንገዛውን ሦስት ትልልቅ የፈረንጅ እንቁላል ያህላል። እያንዳንዱን መጀመሪያ ስኒ ውስጥ ሰበርኩት። ይሄ በድሬ ሙቀት ልማድ ሊሆን ይገባል፣ ምክንያቱም ገበያ ላይ ፀሐይ የመታው እንቁላል መኖሩ አይቀርም፣ አንዱ ከተበላሸ ሌሎቹን ይዞ ይሄዳል። ሳትሰብሩ ለማወቅ ከፈለጋችሁ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ የሚንሳፈፈውን ተዉት።

ከዚያ ጨው። ሩብ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨምሬ በሹካ መታሁት። እትዬ «ጨው ቀድሞ ከገባ ውሃ ያወጣል» አለች፣ እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የሰማሁት። በእንቁላል ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ጨው አስቀድሞ ከሟሟ ክሮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይጠብቁ ይከላከላል፣ እንቁላሉም ውሃውን የበለጠ ይይዛል። አሥራ አምስት ደቂቃ ቢቆይ ጥሩ ነው። ቀለሙ ጠቆር ይላል፣ ቀጠን ብሎም ታዩታላችሁ፣ አትደንግጡ።

አመታቱ ላይ አትቸኩሉ። ሹካውን ከፍ ስታደርጉ ነጭ ክር ተንጠልጥሎ ከመጣ ገና አልተዋሃደም። ያ ክር መጥበሻ ላይ ለብቻው ቀድሞ ይረጋል፣ ከዚያ በሚያምረው ቢጫ ፍርፍር መሀል ነጭ ነጭ ጎማ የሚመስል ቁራጭ ታገኛላችሁ። አንድ ዓይነት ቢጫ እስኪሆን ድረስ ምቱት፣ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ወተት ልጨምር ወይ የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ለዚህ መጠን አንድ የሾርባ ማንኪያ ቢገባ ጉዳት የለውም፣ ትንሽ ያላላዋል። ከዚያ በላይ ካፈሰሳችሁ ግን መረቡ ሊይዘው የማይችል ውሃ እየጨመራችሁ ነው፣ መጨረሻ ላይ ሳህኑ ላይ ይወጣል። እኔ የምመርጠው ስብ ነው። ማታ ከፈላው ወተት ላይ ያነሳሁትን ስልባቦት አንድ ማንኪያ አስቀርቼ ነበር፣ ያንን ለመጨረሻው አቆየሁት። ስቡ በክሮቹ መሀል እየገባ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋቸዋል። ለምን መጨረሻ ላይ እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ እሳቱ። ከሰል ላይ የምትሠሩ ከሆነ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። የምድጃው የአየር በር ካለው ግማሹን ዝጉት። መጥበሻው ወፍራም ቢሆን ይመረጣል፣ ሙቀቱን እኩል ያደርሰዋል። ስስ አሉሚኒየም ከሆነ መሀሉ ብቻ ይነዳል፣ ዳሩ ቀዝቃዛ ይሆናል፣ በዚያ ላይ እንቁላል ይይዛል። ያ ብቻ ካላችሁም ይቻላል፣ መጥበሻውን ቶሎ ቶሎ ከፍ ማድረግና ማዞር ግን ግዴታ ነው። ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ደግሞ ወጥመዱ ሌላ ነው፤ ብታጠፉትም ጥቅልሉ ለብዙ ደቂቃ ግሎ ይቆያል። «አጥፍቼዋለሁ» ብላችሁ መጥበሻውን እዚያው ከተዋችሁት እየጠበሳችሁ ነው።

ቅቤ በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለጋ ቅቤ ወይም የገበታ ቅቤ ውስጡ ውሃ አለው። ሲቀልጥ አረፋ የሚያወጣው ውሃው ስለሚተን ነው፣ አረፋው ደግሞ ጥሩ መለኪያ ይሆናችኋል፤ ቀስ ብሎ አረፋ እያወጣ ቀለሙ ካልተለወጠ ሙቀቱ ልክ ነው፣ ፀጥ ብሎ ቡናማ ከሆነ ግን በጣም ግሏል፣ አውርዱና አቀዝቅዙት። ንጥር ቅቤ ግን ውሃው ሲነጠር ስላለቀ ይሄን ምልክት አይሰጣችሁም። ዝም ብሎ ይግላል። በንጥር ቅቤ ወይም በዘይት የምትሠሩ ከሆነ ከእንቁላሉ አንድ ጠብታ ጣሉበትና ስሙ። ከጮኸ አይሆንም። ጠብታው ዝም ብሎ ተቀምጦ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዳሩ ደብዘዝ ካለ፣ አሁን ግቡ።

እኔ አንድ የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤ አቀለጥኩና እንቁላሉን ገለበጥኩት። ምንም ድምፅ የለም። እትዬ «ጠፍቷል እንዴ እሳቱ?» አለች። አልጠፋም። ጠፍጣፋ አፍ ባለው የእንጨት ማንኪያ ከሥር እየጠረግሁ፣ ዳሩን ወደ መሀል እያመጣሁ ማማሰል ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ምንም የተለወጠ አይመስልም፣ ትዕግሥት የሚያልቀውም እዚህ ጋ ነው፣ እሳት የሚጨምሩትም እዚህ ጋ ነው። አትጨምሩ።

ሁለተኛው ደቂቃ ላይ አጥሚት መሰለ። ማንኪያው ሥር ስስ ሽፋን እየረጋ ይነሳል፣ ተመልሶ ይቀላቀላል። ከዚያ ትንንሽ እንክብሎች ታዩ፣ ቂንጬ ውስጥ እንደምታዩት ዓይነት። ከዚህ በኋላ ነገሩ ይፈጥናል። እስካሁን ሙቀቱ ፈሳሹን በማሞቅ ነበር የቆየው፣ አሁን ማርጋት ላይ ደርሷል። ስለዚህ መጥበሻውን አነሳሁት። አሥር ሰከንድ ከምድጃው ላይ ከፍ አድርጌ አማሰልኩ፣ አሥር ሰከንድ መለስኩት፣ እንደገና አነሳሁት። እሳቱን መቀነስ ባትችሉ መጥበሻውን ማራቅ ትችላላችሁ፣ ከሰል ላይ ከዚህ የተሻለ መቆጣጠሪያ አላገኘሁም።

አምስት ደቂቃ ገደማ ሲሆን ማንኪያዬ መጥበሻው ላይ መንገድ ማውጣት ጀመረ። የመጥበሻው ሥር ለአንድ አፍታ ይታያል፣ ከዚያ እንቁላሉ ቀስ ብሎ ይዘጋዋል። ላዩ ያብረቀርቃል። ወፈር ያለ እርጎ ነው የሚመስለው፣ እዚህም እዚያም ለጋ አይብ የመሰለ ጓል አለው። እትዬ አየችውና «ገና ነው፣ ጥሬ ነው» አለች።

ማውረጃው ሰዓት ግን ያ ነበር። መጥበሻው ራሱ የያዘው ሙቀት አለ፣ እንቁላሉም የያዘው አለ። ከእሳት ከወረደ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል መብሰሉን ይቀጥላል። መጥበሻ ላይ «በስሏል» ብላችሁ ካወረዳችሁት ሳህን ላይ ሲደርስ አልፏል። «ትንሽ ቀረው» ሲያሰኛችሁ ነው ማውረድ ያለባችሁ።

ስልባቦቱም የገባው ያኔ ነው። ቀዝቃዛ ነገር ነው፣ ሲጨመር እንቁላሉን ባለበት ያስቆመዋል። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው አንዲት ኩብ ስኳር የምታህል ቀዝቃዛ ቅቤ ቢጥልበት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። በድሬ ሙቀት ከማቀዝቀዣ ውጪ የዋለ ቅቤ ግን ዘይት ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ፣ አያቀዘቅዝም።

በነገራችን ላይ ሙቀታችን ሌላም ነገር ይለውጣል። ከማቀዝቀዣ የወጣ እንቁላል ከ4 ዲግሪ አካባቢ ይነሳል፣ ጓዳ ውስጥ የዋለ የእኛ እንቁላል ደግሞ ከ30 ሊነሳ ይችላል። መንገዱ አጭር ነውና ቀድሞ ይደርሳል። አዲስ አበባ ያለ ሰው «ስድስት ደቂቃ» ካላችሁ እናንተ አራተኛው ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ።

እሳቱን መግራት አልሆነልኝም የምትሉ ደግሞ ውሃ ተጠቀሙ። ብረት ድስት ውስጥ ሦስት ጣት ውሃ ጣዱ፣ ቀስ ብሎ ሲንተከተክ የብረት ሳህን ከላይ አስቀምጡ፣ የሳህኑ ሥር ውሃውን አይንካ። እንቁላሉን እዚያ ላይ አማስሉት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሐረር ከፍ ስለምትል 94 አካባቢ። እንፋሎቱ ከዚያ አያልፍም፣ 200 ዲግሪ ከሚደርስ መጥበሻ ጋር አይወዳደርም። አሥር ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ ግን ለማበላሸት በጣም ይከብዳል። ሲወፍር እንደዚያው ማንሳት አለባችሁ፣ 94ም ቢሆን ከ80 በላይ ነው።

ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትወዱ፣ አብዛኞቻችን ማለት ነው፣ ሁለቱን ሥራ ለዩ። ቲማቲም በጣም ብዙ ውሃ አለው። እንቁላሉ ከቲማቲሙ ጋር አብሮ ከበሰለ ወይ ቲማቲሙ እስኪደርቅ እንቁላሉ ጎማ ይሆናል፣ ወይ እንቁላሉ ሲደርስ ቲማቲሙ ገና ውሃ እያወጣ ነው። ሽንኩርቱን አብስሉ፣ ቲማቲሙን ጨምሩ፣ መጥበሻው ላይ ፈሳሽ እስኪጠፋ አድርቁት፣ ከዚያ ሳህን ላይ አውጡት። ቃሪያው ጥሬውን መጨረሻ ላይ ቢገባ ለእኔ ይሻላል፣ ሽታው አይጠፋም። መጥበሻው ቀዝቀዝ ሲል እንቁላሉን ብቻውን ሥሩ፣ ልታወርዱት ስትሉ ያወጣችሁትን ሽንኩርትና ቲማቲም ጣል አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት። አትለውሱት።

አንድ ቦታ ላይ ግን ለስላሳውን አልመክርም። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ወይም ሕመምተኛ የሚበላው ከሆነ የሚፈስ ነገር እስከማይቀር ድረስ ይብሰል። እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፣ ለጥንቃቄ የሚመከረው 71 ዲግሪ ነው። በቀስታ እሳት ከሠራችሁት 71 ደርሶም እርጥበቱን ይይዛል፣ ላዩ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥሬ ፈሳሽ አይኑር እንጂ። እንቁላሉ ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደዋለ የማታውቁ ከሆነም እንደዚያው አድርጉ።

ሌላው፣ ሰው እስኪመጣ ብላችሁ ምድጃ ዳር አታቆዩት። በቀስታም ቢሆን መሞቁ ይቀጥላል፣ ውሃውን ይተፋል፣ ብዙ ከቆየ ደግሞ አረንጓዴ ግራጫ ይሆናል። ያ ቀለም ከነጩ የሚወጣው ድኝ ከአስኳሉ ብረት ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ነው። አይመርዝም፣ ግን ሽታው ይለወጣል። ዳቦው ይቅደም፣ ሻዩ ይቀዳ፣ እንቁላሉ መጨረሻ ይሠራ።

እትዬ ያን ጠዋት በዳቦ ጠቅልላ በላችው። ከግማሽ በኋላ አቆመችና የተረፈውን ሳህን አንስታ ዘንበል አደረገችው። ትንሽ ጠበቀች። የቅቤ ወዝ ነበር፣ ውሃ ግን አልወረደም። «የቀሩትን ሁለቱን አምጣቸው» አለች፣ ማንኪያውን ከእጄ ወስዳ።